የአለላ መሶብ ወይስ የክር መሶብ? ለዕለት እንጀራ የሚሆነውን ለመምረጥ

በሱሉልታ ገበያ ሁለት መሶቦች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ በአለላ ሌላው በክር የተሰፋ ቢሆንም ከሩቅ ሲታዩ ብዙም አይለያዩም። የሁለቱም አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሰፊዋ ከመቀመጫው እምብርት ጀምራ የሣር ጥቅል እያዞረች፣ እያንዳንዱን ዙር ከበታቹ ካለው ጋር በወስፌ እየወጋች ታያይዘዋለች። ልዩነቱ ጥቅሉ በምን እንደሚሸፈን ነው።

ለአለላው መሶብ ሣሩ ታጭዶ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከፊሉም በፈላ ቀለም ይነከራል፤ ሲሰፋ እንዳይሰበር ደግሞ በውኃ ይለሰልሳል። ሰበዙ አጭር ስለሆነ ሰፊዋ ቶሎ ቶሎ ሌላ መቀጠል አለባት፤ ዋጋው ከፍ የሚልበት ዋናው ምክንያትም ይህ ጊዜ ነው። በአንጻሩ ክሩ ረጅም በመሆኑ ሥራው ይፈጥናል፣ ቀለሙም ወጥ ይሆናል።

በአገልግሎት ላይ ግን ይለያያሉ። የሰበዝ ገጽ ለስላሳ ስለሆነ የፈሰሰ ወጥ ቶሎ ሲጠረግ አብዛኛው ይነሣል፤ ክር ግን ዘይቱን ይመጠዋል፣ እርጥበትም ይይዛል። ጥገናውም ላይ ልዩነት አለ፤ ሰበዙ ቢቆረጥ ጉዳቱ በአንድ ቦታ ይወሰናል፣ ክሩ ሲበጠስ ግን ቶሎ ካልታሰረ ዙሩን ይዞ ይተረተራል። በዚህ ምክንያት እንጀራ በየቀኑ ለሚቀርብበት ቤት የአለላውን እመርጣለሁ፤ ለእንግዳ ቀን ብቻ ለሚወጣ ወይም ለቤት ማስጌጫ ለሚፈለግ መሶብ ግን የክሩ በቂ ነው።

ይህ ማለት አለላ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የመሶቡን ሆድ በሁለት አውራ ጣት ሲጫኑት ከረገበ፣ ወይም ወደ ብርሃን አንሥተው ውስጡን ሲያዩ በዙሮቹ መካከል ብርሃን ከገባ፣ ጥቅሉ ሳስቷል ወይም ስፌቱ ላልቷል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ቀዩንና አረንጓዴውን ቀስ ብለው ይሹት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ በትኩስ እንጀራ እንፋሎትም ይለቃል። እግሩ ለብቻው ተሰፍቶ ከሆዱ ጋር የሚጋጠም ስለሆነ መጋጠሚያውን ይዘው ይነቅንቁት። ሻጮች ብዙ ጊዜ ክዳኑን ለብቻው ያሳያሉ፤ ገጥሞ ሳይወላገድ መቀመጡን ራስዎ ይሞክሩ። ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት የእንጀራዎን ስፋት በገመድ ለክተው መያዝም ይጠቅማል፤ አፉ የጠበበ መሶብ የእንጀራውን ጠርዝ ያጣጥፋል።

ሁለቱም ውኃ ውስጥ መነከር የለባቸውም። እንጀራው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ማስቀመጥ፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ በጥላ ማናፈስ ሻጋታን ይከላከላል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ የአለላው ቀለም ይደበዝዛል።