ከአየር ሰዓት እየተቆረጠ የሚታደስ አገልግሎት ያላችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ

ይህን የማሳስበው በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ለልጆቻችሁ የፈተና መለማመጃ፣ ለስፖርት ዜና ወይም ለሌላ አገልግሎት ክፍያው በየወሩ ከሞባይል ቀሪ ሂሳባችሁ እንዲቆረጥ ለተስማማችሁ ሰዎች ነው። በተለይም «ሳይቋረጥ እስከታደሰ ድረስ በቅናሽ ዋጋ ይቀጥላል» የሚል ቃል ያለበት ውል ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት። አብዛኞቻችን ካርድ የምንሞላው በ25 ወይም በ50 ብር ነው፤ ከሞላን በኋላም ወዲያው ጥቅል እንገዛበታለን። እንዲህ ባለ አሞላል ውስጥ አንድ እድሳት ሳይከሽፍ ወራትን መዝለቅ አስቸጋሪ ነው፤ ቅናሹን የሚሰጠው ወገን ደግሞ ይህን ሳያውቅ ይቀራል ብዬ አላምንም።

በመናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው አንድ የፈተና መለማመጃ አገልግሎት አስመዝግበው ነበር። የማስታወቂያው ዋጋ በወር 60 ብር ሲሆን መደበኛው ዋጋ 100 ብር ነው። እድሳቱ ጥቅምት 22 ቀን ሌሊት ላይ ሲሞከር በዋናው ሂሳባቸው 64 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነበራቸው፤ ስለዚህም ይበቃል ብለው ተኝተዋል። ይሁን እንጂ 60 ብሩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትትም ነበርና የሚቆረጠው 69 ብር ነው። ከ5 ብር ባነሰ ጉድለት ምክንያት እድሳቱ ሳይሳካ ቀረ። በስልካቸው ላይ ያልተነካ የድምፅ ጥቅልና የቦነስ ብር ቢኖርም ምንም አልረዳቸውም፤ ምክንያቱም ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ዋናው ሂሳብ ብቻ ነው።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። እድሳት ሲከሽፍ አገልግሎቱ ይታገዳል እንጂ ምዝገባው አይሰረዝም፤ የክፍያ ሥርዓቱም ጥያቄውን በየተወሰነ ሰዓት እየደጋገመ ያቀርባል፣ ካርድ ሲሞላም ወዲያውኑ ይሞክራል። ሙሉው ዋጋ ካልተገኘ ደግሞ አንዳንድ አቅራቢዎች ወደ አነስተኛ ክፍያ እንዲወርድ አድርገው ያዘጋጁታል። ጎረቤቴ በማግሥቱ ለደንበኞቻቸው ሲደውሉ ከዋሉ በኋላ ሂሳባቸው ወደ 8 ብር ወርዶ ነበር። ማታ 25 ብር ካርድ ሲሞሉ 33 ብር ሆነና ወዲያው 23 ብር ተቆረጠባቸው። ይህም የሳምንት ዋጋ 20 ብርና ታክሱ ነው። እሳቸው ግን የመሰላቸው ካርዱ እንደተበላ ነው፤ ወደ ሸጠላቸው ልጅ ሄደውም ተጨቃጭቀዋል። ልጁ ምን ያድርግ!

በሳምንት 23 ብር ትንሽ ይመስላል። አራቱ ሳምንት ግን 92 ብር ይሆናል፤ በዚያውም ላይ 28 ቀን እንጂ 30 ቀን አይደለም። የባሰው ነገር ደግሞ ወርሃዊው እድሳት አንድ ጊዜ ስለተቋረጠ የቅናሹ መብት መጥፋቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ወርሃዊው መመለስ የሚቻለው በመደበኛው ዋጋ ማለትም ከነታክሱ በ115 ብር ነው። አቅራቢውን ስንጠይቅ በስምምነቱ ላይ የተጻፈ መሆኑን ጠቅሰው አሰናበቱን፤ እውነትም ተጽፏል፣ ያውም ማንም ወርዶ በማያነበው የገጹ መጨረሻ ላይ።

ሁለተኛው ችግር የኦፕሬተሩ የክፍያ ገደብ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ይበልጥ ያደናግራል። ሞባይል ኦፕሬተሮች ከአየር ሰዓት ለሌሎች ድርጅቶች አገልግሎት በአንድ ጊዜ፣ በቀን ወይም በወር ሊቆረጥ የሚችለውን የገንዘብ መጠን ሊወስኑ ይችላሉ። ይህ ገደብ ደንበኛውን ከመጭበርበርና ካላወቀው ወጪ ለመጠበቅ የሚቀመጥ በመሆኑ አልቃወመውም። ችግሩ ገደቡ የሚቆጠረው በአንድ አገልግሎት ሳይሆን በቁጥሩ ላይ ያሉት ክፍያዎች ሁሉ ተደምረው መሆኑ ነው።

ጎረቤቴ ከሦስት ሳምንታዊ ቁርጦች በኋላ ህዳር 13 ቀን ነገሩን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አስበው 115 ብሩ እንዲቆረጥ በቂ ካርድ ሞሉ። አሁንም «ክፍያው አልተሳካም» የሚል መልእክት መጣ። ጉድለት መስሏቸው ሌላ 100 ብር ጨመሩ፤ መልሱ ያው ሆነ። ወደ ኦፕሬተሩ የአገልግሎት ማዕከል ሄደን ስናስጠይቅ በመስመራቸው ላይ የነበረው ወርሃዊ ገደብ 200 ብር መሆኑ ተነገረን። በሦስቱ ሳምንታት 69 ብር ተቆርጧል፤ በዚያ ላይ ልጃቸው አንድ ቀን ያስመዘገበው፣ በቀን 2 ብር የሚቆርጥ የስፖርት መልእክት ወደ 40 ብር ወስዷል። በእነዚህ ላይ 115 ብር ሲጨመር ከ200 ያልፋል። ስለዚህ ሺህ ብር ቢሞሉም ክፍያው አያልፍም ነበር። ገደቡ የሚታደሰውም በፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ ማለትም ህዳር 22 ስለሆነ ዘጠኝ ቀን መጠበቅ ነበረባቸው። በነገራችን ላይ በየ30 ቀኑ የሚታደስ አገልግሎት ከእኛ ወር ጋር እስከ ጳጉሜን ድረስ እኩል ይሄዳል፤ ከፈረንጆቹ ወር ጋር ግን ቀስ በቀስ ይፋለሳል። በዚህ የተነሳ ባለ 31 ቀን በሆነ ወር ውስጥ ሁለት እድሳት ሊገጥምና ገደቡን ሊነካ ይችላል።

ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት መልእክቱን አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ዋናውን ሂሳብ ብቻ ለይታችሁ ተመልከቱ፤ ለምሳሌ በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *804# ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሂሳቡ ከነታክሱ ከሚቆረጠው በግልጽ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ትልቁ ክፍያ እየከሸፈ፣ በዚያው ቀን የ2 ብሩ ቁርጥ ግን ካለፈ የተነካው ገደቡ ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ካርድ መጨመር ትርፉ ኪሳራ ነው፤ የተሞላው ብር ጥቅል ሲያልቅ ኢንተርኔት ይበላዋል፣ ወይም ትናንሾቹ ክፍያዎች ይሻሙታል። ወደ ኦፕሬተሩ ደውላችሁ «በቁጥሬ ላይ ለሌሎች አገልግሎቶች ክፍያ የተቀመጠው ገደብ ስንት ነው፣ እስካሁንስ ስንት ተቆርጧል፣ መቼስ ይታደሳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የአየር ሰዓት ብድር የወሰዳችሁ እንደሆነም ካርድ ስትሞሉ በቅድሚያ የሚነሳው ብድሩና የአገልግሎት ክፍያው ስለሆነ 100 ብር ሞልታችሁ 100 ብር አለኝ ብላችሁ አትቁጠሩ። ከእድሳቱ ቀን በፊት በነበረው ምሽት ከሙሉው ዋጋ ትንሽ ከፍ ያለ ብር በዋናው ሂሳብ ላይ ይደር፤ ዳታችሁንም ጥቅል ከሌለ ዝጉት።

እድሳቱ ከከሸፈና መቀጠል ካልፈለጋችሁ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት አይበቃም፤ ምዝገባው በኦፕሬተሩ በኩል እንዳለ ይቆያል፣ ከሳምንታት በኋላ በምትሞሉት ካርድ ላይም ሊቆርጥ ይችላል። የማቋረጫውን ቃል ወደ አጭር ቁጥሩ ላኩና መሰረዙን የሚያረጋግጥ መልእክት እስኪመጣላችሁ ጠብቁ። አቅራቢው በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈልን የሚፈቅድ ከሆነ የዚያ ሂሳብ ከአየር ሰዓት የተለየ ስለሆነ ለወርሃዊ ክፍያ እሱን እመርጣለሁ። ጎረቤቴ የስፖርቱን መልእክት ወዲያው፣ የፈተናውን ደግሞ የተከፈለበት ሳምንት ሲያልቅ አሰርዘዋል፤ ቅናሹን ግን ዳግም አላገኙትም።