ፖርት መክፈት ወይስ የራስ ቪፒኤን? ቤት ያለ ፋይል ላይ ከውጭ ለመድረስ የሚያስፈልግና የማያስፈልግ ግዢ

የአክስቴ ልጅ ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት አለው። የሚኖረው ግን ኮምቦልቻ ነው። የሰርግ ፎቶና ቪዲዮውን በሙሉ የሚያስቀምጠው ቤቱ ባለች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገጥሞ፣ ሊኑክስንና ፋይሎቿን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍለውን ሳምባ የሚባል ፕሮግራም ጭኖ፣ የፋይል ሰርቨር አድርጓታል። ቤት ውስጥ ጥሩ ትሠራለች። ችግሩ ደንበኛ ፒያሳ መጥቶ «የአምናውን የሰርጌን ፎቶ አጥቤ መስቀል ፈልጌ ነበር» ሲለው ነው። «ነገ ተመለስ» ይላል። ማታ ቤቱ ገብቶ ይገለብጣል፣ ጠዋት ፍላሹን ኪሱ ከትቶ በሚኒባስ ዳገቱን ይወጣል።

አንድ ቀን ደወለልኝ። «ራውተሩ ላይ ፖርት ልክፈት ወይስ ቪፒኤን ልግዛ? ጠንከር ያለ ራውተርም አይቻለሁ፣ ልግዛው?» አለኝ። ያኔ የነገርኩት ነገር ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም በደንብ ላስረዳ።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ፖርት መክፈት ማለት ከኢንተርኔት የሚመጣ ግንኙነት በራውተሩ አልፎ ቤት ወዳለው ኮምፒውተር እንዲደርስ በር መክፈት ነው። እዚህ ላይ ቪፒኤን ስል አገር ለመቀየር ከአፕ ስቶር የሚወርደውን ማለቴ አይደለም። ያኛው ከቤታችሁ ጋር አያገናኛችሁም። እኔ የምለው ራሳችሁ የምትተክሉትን፣ በስልካችሁና በቤታችሁ ኮምፒውተር መካከል ብቻ የሚዘረጋውን የተቆለፈ መስመር ነው። ለዚህ የምመርጠው ዋየርጋርድን ነው። ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ቀላል ነው።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራውተራችሁን አድራሻ እዩ። የራውተሩን ገጽ ክፈቱና WAN IP የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ በዚያው ኢንተርኔት አድራሻችሁን የሚነግራችሁ ድረ ገጽ ላይ ግቡና ሁለቱን አወዳድሩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ የራሳችሁ አድራሻ አላችሁ። ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ከብዙ ሰው ጋር አንድ አድራሻ እየተጋራችሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ በ100.72 የሚጀምር ነበር። ይህ ማለት በግቢ ውስጥ አንድ ክፍል እንደ መከራየት ነው። የክፍላችሁን በር ወለል አድርጋችሁ ብትከፍቱ እንኳ የግቢው በር ቁልፍ እናንተ ጋ የለም። ፖርት ብትከፍቱ ማንም አይደርስባችሁም፣ እናንተም ጭምር። ውድ ራውተር ብትገዙም ለውጥ የለውም፤ ግድግዳው ያለው ከራውተሩ ወዲያ ነው። ስለዚህ ራውተሩን አስቀረሁት። ገንዘቡ በከንቱ ሊሄድ ነበር።

አድራሻው የራሳችሁ ከሆነስ? ያኔ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ይሆናል። ፖርት መክፈት ቀላል ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ምንም አያስከፍልም። ግን ስትከፍቱ በሩን የምታዩት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ዚማፕ የሚባለው መፈተሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ በአንድ ፈጣን መስመር የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻ በሙሉ ለአንድ ፖርት ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈተሽ ይችል ነበር። «ኮምቦልቻ ያለች ኮምፒውተር ማን ይፈልጋታል?» የሚለው ነገር አይሠራም። ፈላጊው ሰው አይደለም፣ ሁሉንም በር ተራ በተራ የሚያንኳኳ ፕሮግራም ነው። የፖርት ቁጥሩን መቀየርም ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

በሩ ከተገኘ በኋላ የሚጠብቃችሁ የይለፍ ቃሉ ብቻ አይደለም፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ሶፍትዌር ጤንነት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴድቦልት የሚባል ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ የፋይል ሰርቨሮችን አጥቅቶ ፋይሎቹን ቆለፈ። ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ጠንካራ የይለፍ ቃል የነበራቸውም አልዳኑም፣ ምክንያቱም ቫይረሱ የገባው በሶፍትዌሩ ቀዳዳ ነው። ኩባንያው ራሱ ለደንበኞቹ የሰጠው ምክር ራውተር ላይ የከፈታችሁትን ፖርት ዝጉ የሚል ነበር። UPnP የሚለውንም አጥፉ አለ፣ እሱ ሳትጠይቁት በሩን በራሱ ስለሚከፍት። የሰው የሰርግ ፎቶ ተቆልፎ ሲቀር ለሙሽሮቹ ምን ይባላል? ሰርግ አይደገምም።

ዋየርጋርድም ቢሆን አድራሻው የራሳችሁ ሲሆን አንድ ፖርት ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ዩዲፒ 51820። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ልዩነቱ ባህርዩ ላይ ነው። ትክክለኛ ቁልፍ ሳይዝ ለሚያንኳኳ ሰው ጨርሶ መልስ አይሰጥም። «ተሳስተሃል» እንኳ አይልም። ለፈታሹ ፕሮግራም ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስለውም። ሳምባው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የሚገኘው፤ ለውጭው ዓለም አይታይም። ስለዚህ የራሱ አድራሻ ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ዋየርጋርድ ትከሉ፣ አንድ ፖርት ለእሱ ብቻ ክፈቱ፣ አዲስ ዕቃ አትግዙ።

አድራሻው የጋራ ለሆነ ሰው፣ እንደ አክስቴ ልጅ፣ የሚገዛ ነገር አለ፦ ውጭ አገር የሚገኝ ትንሽ የኪራይ ሰርቨር፣ ቪፒኤስ የሚባለው። በጣም ትንሹ ይበቃል፣ በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ወይም እዚያ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። አማራጩ ኢንተርኔት የሚሰጣችሁን ድርጅት ቋሚ አድራሻ መጠየቅ ነው። በብር የሚከፈል ሆኖ ዋጋው ከተስማማችሁ እሱ ይሻላል፣ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ቪፒኤሱ ይደውላል። ላፕቶፑም ይደውላል። እዚያ ይገናኛሉ። ቤት ላይ የሚከፈት በር የለም። የቤቱ ኮምፒውተር ፋይል ይህን ይመስላል፦

```
[Interface]
Address = 10.66.0.2/24
PrivateKey = ...

[Peer]
PublicKey = ...
Endpoint = 203.0.113.10:51820
AllowedIPs = 10.66.0.0/24
PersistentKeepalive = 25
```

በ Endpoint ቦታ የራሳችሁን ቪፒኤስ አድራሻ ታስገባላችሁ። የመጨረሻው መስመር ትንሽ ቢመስልም ሥራው ትልቅ ነው። በየ25 ሰከንዱ አንዲት ትንሽ መልእክት ይልካል። ያ ካልሆነ የጋራ አድራሻው መስመሩ ዝም ሲል ይረሳዋል፣ ከደሴም መድረስ አይቻልም። ቪፒኤሱ ላይ ደግሞ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው እንዲያሳልፍ ይህን ማብራት ግድ ነው፤ ፋየርዎል ካለውም ማሳለፉን ፍቀዱለት፦

```
sysctl -w net.ipv4.ip_forward=1
```

ይህ ትእዛዝ ቪፒኤሱ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳል። እንዲቀር ከፈለጋችሁ `/etc/sysctl.d` ውስጥ በ `.conf` በሚያልቅ ፋይል `net.ipv4.ip_forward=1` ብላችሁ ጻፉት። ከዚያ ፒያሳ ያለው ላፕቶፕ `\\10.66.0.2` ብሎ ይገባል፣ ልክ ቤት እንዳለ።

አሁን የቪፒኤሱን ድካም ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በዚህ አሠራር መስመሩ ቪፒኤሱ ላይ ተፈትቶ እንደገና ይቆለፋል። ቪፒኤሱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው የሚያልፈውን ማየት ይችላል። ስለዚህ ሳምባው ላይ `smb encrypt = required` ጨምሩ። ያኔ ቪፒኤሱ የሚያሳልፈው ሳያነበው ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ይረዝማል። ኮምቦልቻ ለደሴ ከ30 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ፋይሉ ግን አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። እኛ ጋ ደርሶ መልሱ ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ነበር። ሁለት ሺህ ፎቶ ያለበት ማኅደር ከነምስሎቹ ለማሳየት ሲሞክር ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ፎቶ እየተመላለሰ ይጠይቃል። አንድ ትልቅ ፋይል መገልበጥ ላይ ግን ያን ያህል አይጎዳም። ቋሚ አድራሻ ይሻላል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ትልቅ ፋይል ላይ የሚወስነው የቤታችሁ መላኪያ ፍጥነት ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ማውረጃ ነው፤ እዚህ ግን ቤቱ ላኪ ነው። የአክስቴ ልጅ መላኪያ ሲለካ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። 1.5 ጊጋባይት ቪዲዮ 12 ሺህ ሜጋቢት ነው። ለ5 ሲካፈል 2,400 ሰከንድ፣ ማለትም 40 ደቂቃ። ፎቶ ለደንበኛ ማውጣት ይቻላል። ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ ግን ዛሬም በፍላሽ ይሻላል። ይህን ሂሳብ ሳትሠሩ ምንም አትከራዩ።

አንድ ቀላል ብልሽት አለ። ማኅደሩ ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል ስትጎትቱ ግን ቀጥ ይላል። ያኔ በሁለቱም ጫፍ [Interface] ሥር፣ በአንድ ጊዜ የሚላከውን ጥቅል የሚያሳንሰውን `MTU = 1280` ጨምሩ። ብዙውን ጊዜ ይፈታል።

ከባዱን ያየነው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ኮምፒውተሯ በራሷ አልነሳችም። ሚስቱ ማብሪያውን ተጭና አስነሳቻት። ኢንተርኔት አለ፣ ሳምባ አለ፣ ከደሴ ግን አይገባም። `wg show` ስንል የተላከው ይጨምራል፣ የተቀበለው ዜሮ ነው፣ latest handshake የሚለው መስመርም የለም። የዋየርጋርዱ ቁልፍ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። በመጨረሻ `date` አልኩ። 2012 አለኝ።

የእናት ቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ዋየርጋርድ በሚደውልበት ጊዜ ሰዓቱን አብሮ ይልካል። ተቀባዩ መጨረሻ ከተቀበለው የቀደመ ሰዓት ካየ፣ የተሰረቀ የቆየ መልእክት ተደግሞ የተላከ መስሎት ይጥለዋል፣ ያም ዝም ብሎ። ኮምፒውተሯ ሰዓቷን ከኢንተርኔት እንድታስተካክል የሚያደርገውም ጠፍቶ ነበር። በራሷ ያልተነሳችውም በዚያው ባትሪ ነው፤ መብራት ሲመጣ ተነሺ የሚለው የባዮስ ምርጫ አብሮ ተሰርዟል። CR2032 የሚባለውን ባትሪ ቀየርን፣ የባዮሱን ምርጫ መለስን፣ የሰዓት ማስተካከያውን አበራን። አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር የምታደርጉ ሰዎች ከምንም በፊት የምትገዙት ይህን ባትሪ ይሁን።

ባለፈው ደግሞ ስልኩ ገበያ መሃል ተሰረቀበት። ዋየርጋርዱ ስልኩ ላይ ነበር። ደንግጦ ደወለልኝ፣ ሳምባው ላይ ያለውን የይለፍ ቃል ሁሉ ልቀይር ነው አለ። ፖርት ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ግድ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁልፍ ስላለው ቪፒኤሱ ላይ ገብተን ያንን ስልክ ብቻ አስወጣን፦

```
wg set wg0 peer የስልኩ_PublicKey remove
```

ተመልሶ እንዳይገባ ከ `wg0.conf` ላይም ሰረዝነው። ላፕቶፑ ሳይቋረጥ ፒያሳ ላይ ፎቶ እየገለበጠ ነበር።