የእናቴን ንቅሳት ላልነካው ፎቶ አንሺ ምስጋና

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ ያለውን አንድ ወንድማችንን ላመሰግን ነው የምጽፈው። ስሜ አይጻፍ ስላለ አልጽፈውም። ለቪዛ ወይም ለዲቪ ፎቶ የምትነሱ ግን ይህንን ሳታነቡ አትለፉ።

እህቴ አሜሪካ ወልዳ እናቴ ልታርሳት ቪዛ አመለከተች። ፎቶውን የተነሳችው ሌላ ቦታ ነበር። ሲሰጡን ሁላችንም ደስ አለን፣ እናቴ አሥር ዓመት ወጣት ሆና ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ፎቶው ተቀባይነት የለውም፣ ሌላ አምጪ ተብላ ተመለሰች። ያን ዕለት ቤት ስትገባ የነበራትን ፊት አልረሳውም።

ጎረቤት ወደዚህ ሰው ላከን። ከሁሉ በፊት ፓስፖርቷን ጠየቀ። ከተመለሰው ፎቶ ጎን አስቀምጦ «እስቲ ሁለቱን እዩልኝ» አለን። ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ ግንባሯ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል አለ። ፓስፖርቱ ላይ ይታያል፣ ፎቶው ላይ ግን የለም። ያኛው አንሺ «ላሳምራት» ብሎ አጥፍቶታል። ጉንጯ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብም ጠፍቷል። ፊቷ ነጥቶ አንገቷ የራሷ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። አገጯም ቀጠን ብሏል።

ፎቶው የሚፈለገው ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ለመለየት እንደሆነ አስረዳን። ንቅሳት፣ ጠባሳና ማርያም የሳመችው ምልክት የሰው መለያ ናቸው፣ አይነኩም። በዓይንና በአፍንጫ፣ በአፍና በአገጭ መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ኮምፒውተር ይለካዋል። ዓይን ሲተልቅ ወይም ጉንጭ ሲቀጥን ልኬቱ ይዛባል። የአሜሪካ ደንብ መልክን የሚቀይር ማንኛውንም ኤዲት ይከለክላል፣ ቆዳ ማለስለስና ማንጣትም ከዚያው ይገባል።

እኔ ብዙም ያላሰብኩት የጀርባው ነገር ነበር። ግድግዳው ነጭ ስላልነበረ ያኛው ስቱዲዮ እናቴን በኮምፒውተር ቆርጦ ነጭ ላይ ለጥፏታል። ይሄኛው ፎቶውን ስክሪን ላይ አጎላና የፀጉሯን ጠርዝ አሳየን። በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፣ የጆሮዋም ጫፍ ተበልቷል። ኤዲት የተደረገ ፎቶ የሚታወቀው እዚያ ጋ ነው አለን። ሌላው ምልክት ቆዳው እንደ ላስቲክ ሆኖ የግንባር መስመር ሁሉ ሲጠፋ ነው።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፦ ሌላው በኮምፒውተር የሚያስተካክለውን እሱ ከማንሳቱ በፊት ያስተካክለዋል። ፊቷ ወዝ ነበረው፣ «እማማ፣ በዚህ ይጥረጉት» ብሎ ሶፍት ሰጣት። ጥላዋ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ራቅ ብላ እንድትቀመጥ አደረገና ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ አበራ። መነጽሯን አስወለቃት፣ ከ2016 ኅዳር (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለአሜሪካ ቪዛ በመነጽር መነሳት አይፈቀድም። አንዱ ፎቶ ላይ ዓይኗ ቀላ ብሎ ወጣ። እሱን በኮምፒውተር ከማጥቆር እንደገና አነሳት።

ኮምፒውተር ላይ የሠራው መከርከምና መጠን ማስተካከል ብቻ ነው። አራቱም ጎን እኩል፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ከአገጭ እስከ አናት ያለው ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መሆን አለበት ብሎ በማስመሪያ ለካ። እናቴ ፎቶውን ስታይ «አረጀሁ እንዴ?» አለች። እሱም «እርስዎን ነው የመሰለው እማማ» አላት። ፎቶው ምንም ሳይባል ተቀባይነት አገኘ።

በስልክ ለምትነሱ የነገረንን ላካፍላችሁ። አንዳንድ ስልክ ሳናዘው ቆዳ ያለሰልሳል፣ ስለዚህ ማሳመሪያውን ከካሜራው ሴቲንግ አጥፉት። ጀርባ የሚያደበዝዘውንም አትጠቀሙ፣ ፀጉርና ጆሮ አብሮ ያደበዝዛል።

እኛ እያለን አንድ ልጅ የአምናውን የዲቪ ፎቶ ፍላሽ ላይ ይዞ መጣ፣ መጠኑን ብቻ አስተካክልልኝ አለ። አልሠራም አለው። አምና የተላከ ፎቶ ዘንድሮ ሲደገም ከዕጣው ያስወጣል። ልጁም አዲስ ለመነሳት ተስማማ፣ እኛ ስንወጣ ፀጉሩን እያበጠረ ነበር።

ቦታውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ፓስፖርታችሁን ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።