ኒሞኮከስና ማይኮፕላዝማ፦ ግድግዳ ያለውና የሌለው

ሁለቱም የሳንባ ምች የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኒሞኮከስ ከሴል ሽፋኑ ውጭ ከፔፕቲዶግላይካን የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ፔኒሲሊን ይህን ግድግዳ የሚያያይዙትን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ይፈነዳል። ማይኮፕላዝማ ግን ግድግዳ የሚሠራባቸውን ጂኖች በዝግመተ ለውጥ ጥሏቸዋል፤ ከሰው ሴል የሚወስደው ኮሌስትሮል ሽፋኑን ያጠነክርለታል። ስለዚህ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው አሞክሲሲሊን መጠኑ ቢጨመርም የሚመታው ነገር አያገኝም። የፕሮቲን ምርትን የሚያግዱት አዚትሮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይሻላሉ (አዚትሮማይሲንን የተላመዱ ዝርያዎች ግን አሉ)።

ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለመለየት በሚቀባው የግራም ቀለም ኒሞኮከስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወይን ጠጅ ይታያል። ማይኮፕላዝማ ቀለሙን የሚይዝበት ግድግዳ የለውም፤ ውፍረቱም 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ለማየት ያስቸግራል። የአክታው ስላይድ ነጭ የደም ሴል ሞልቶት ባክቴሪያ ካልታየበት፣ ማይኮፕላዝማን ጠርጥሮ የጀርሙን ዲኤንኤ የሚፈልገውን የፒሲአር ምርመራ ማዘዝ ነው።