ፕሪሴት ልግዛ ወይስ የራሴን ናሙና ልሥራ? ተከታታይ ቪዲዮ ለምታዘጋጁ

ሳምንታዊ የቪዲዮ ዝግጅት የጀመሩ ወዳጆቼ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ይደውሉልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «አንዱ ክፍል ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነብኝ፤ የትኛውን የቀለም ፕሪሴት ልግዛ?» ፕሪሴት የሚሉት ሌላ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጀውን፣ ምስሉ ላይ የሚጫን የቀለም ቅንብር ነው። እኔ ግን ምንም አትግዙ እላቸዋለሁ። ገዝቼ አይቼዋለሁና።

እኔ የገዛሁት ጥቅል 49 ዶላር ነበር። ካርዴ ውጭ አገር ስለማይከፍል ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፤ ውለታው ከዋጋው በላይ ከበደኝ። በጥቅሉ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ፕሪሴቶች ነበሩ። ዛሬ ከእነርሱ አንዱንም አልጠቀምም። ዝግጅቴ የእጅ ባለሙያዎችን የሚያነጋግር የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ሲሆን፣ የዚያን ሳምንት እንግዳዬ መስኮት አጠገብ የተቀመጡ አዛውንት ሸማኔ ነበሩ። ፕሪሴቱን ስጭንበት የነጠላቸው ጥለት ነጭ ውስጥ ሰምጦ ጠፋ፤ ፊታቸው ወደ ብርቱካናማ አደላ፤ ፀጉራቸውና ከኋላቸው ያለው የጨለማ ግድግዳ አንድ ላይ ተዋሐዱ። ሽመናን የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ጥለቱ ከጠፋ ምን ቀረ?

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጥቅሉ የተሠራው «ሎግ» በሚባለው አቀራረጽ ለተቀዳ ምስል ነበር፤ ይህም ቀለሙ በኋላ እንዲጨመርበት ካሜራው ሆን ብሎ አመድማ አድርጎ የሚቀዳው ነው። የእኔ ስልክ ግን ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ፣ ቀለሙን አድምቆ የጨረሰ ምስል ነው የሚሰጠኝ። በደመቀ ላይ ማድመቂያ ሲደረብ ውጤቱ ያ ነው። ለመግዛት ቁርጥ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው ቢያንስ ሻጩ ያስቀመጠውን «በፊት» የሚል ናሙና ምስል ይመልከት። ምስሉ የደበዘዘና አመድማ ከሆነ ዕቃው ለእርሱ ስልክ አልተሠራም።

ርካሹንም ሞክሬዋለሁ። በፍላሽ ተገልብጦ የሚሸጥ ጥቅል 300 ብር አስከፍሎኝ፣ ግማሹ እኔ የሌለኝን ተጨማሪ ፕሮግራም ይጠይቃል፤ የጽሑፍ ማሳያዎቹ ደግሞ ከእኔ በአዲስ ሥሪት ተሠርተው ስለነበር ጭራሽ አልከፈት አሉ። መልስልኝ የምለውም ሰው አልነበረም።

ፕሪሴቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ከማኅተም አያልፍም። ስድሳ ቁራጭ ምስሎች ላይ ካተማችሁት በኋላ «ትንሽ ይቀዝቅዝ» ብትሉ ስድሳዎቹን መልሳችሁ መንካት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ፣ ከቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞቹ በፕሪሚየር Adjustment Layer፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ Adjustment Clip የሚባለውን፣ አስቀድማለሁ። ከሁሉም ምስሎች በላይ የሚዘረጋ ባዶ መስተዋት አድርጋችሁ አስቡት፤ መስተዋቱ ላይ የምትቀቡት ቀለም ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይነካል፤ ስትቀይሩት ሁሉም አብሮ ይቀየራል። ዋጋ የለውም፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መስተዋቱ ልዩነትን አያጠፋም። አንዱ ምስል አምፖል ሥር ቢጫ ሆኖ፣ ሌላው በመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ከገባ፣ ሁለቱም እኩል ይቀባሉ እንጂ አይመሳሰሉም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ምስል በየራሱ አስተካክሉ፤ ነጩ ነጭ ይሁን፤ የፊቱም ብርሃን ይቀራረብ። መስተዋቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እኔ አንደኛው መስመር ላይ ንግግሩን፣ ሁለተኛው ላይ የእጅ ሥራውን ምስል፣ ሦስተኛው ላይ መስተዋቱን፣ አራተኛው ላይ ስምና ዓርማውን አኖራለሁ። ዓርማው ከመስተዋቱ በታች ከወረደ የዓርማው ቀይ የዛገ ይመስላል።

ፕሪሚየር ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በ1920 በ1080 የተፈጠረውን መስተዋት ለስልክ ወደ ቆመው ቪዲዮ ብትወስዱት መሐሉን ብቻ ይሸፍናል፤ ከላይና ከታች ቀለም ያልነካው ምስል ይቀራል። ለቆመው ቪዲዮ በራሱ ልክ ሌላ ፍጠሩ።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እርሱ ነው። ፕሪሚየር ብቻውን በአሜሪካ ዋጋ፣ በዓመት ውል፣ በወር 22.99 ዶላር ነው፤ በዓመት 275.88 መሆኑ ነው። መክፈል ስታቆሙ ፕሮግራሙም ይቆማል። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ሙሉው ሥሪት 295 ዶላር ሲሆን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ወር ላይ የፕሪሚየር ወጪ ይበልጠዋል። ነገር ግን እስካሁን ላወራሁትም ሆነ ቀጥሎ ለማወራው ነፃው ሥሪት ይበቃል። ክፋቱ ደካማ ኮምፒውተር ላይ መንቀርፈፉ ነው። ፕሪሚየርን ለምደው የሚሠሩበት ቢሮ ውስጥ ካላችሁ አትልቀቁት፤ ከዜሮ ለሚጀምር ግን እኔ ሪዞልቭን ነው የምለው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ልቤ ያለበት፣ ናሙና ሲኩዌንስ ነው፤ ሲኩዌንስ ምስሉና ድምፁ በተራ የሚደረደርበት መደርደሪያ ሲሆን ሪዞልቭ ታይምላይን ይለዋል። አንድ ክፍል በደንብ ከጨረሳችሁ በኋላ ምስሎቹን አውጡና መግቢያውን፣ መስተዋቱን፣ የስም ማሳያውን፣ የድምፅ መስመሮቹን፣ መዝጊያውን ተዉ። «ናሙና» ብላችሁ ሰይሙት። በየሳምንቱ እርሱን አባዝታችሁ አዲሱን ምስል ታስገባላችሁ። በሴኮንድ የሚኖረውን የምስል ብዛት ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሪዞልቭ ውስጥ ምስል ከገባ በኋላ የፕሮጀክቱ ቁጥር አይቀየርም። እኔ 25 አድርጌዋለሁ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ስልኩም በ25 ሲቀዳ አምፖሉ የሚርገበገበው ያነሰ ነው።

ናሙናውን ስትሠሩ ለእያንዳንዱ ነገር ይህን ጠይቁ፦ ይህ ቅጂ ነው ወይስ የታሰረ? እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ተዋርጃለሁ። መግቢያውን ከእንግዳው ስም ጋር አንድ ላይ ጠቅልዬ Compound Clip አድርጌው ነበር። በሰባተኛው ክፍል ተከፍቶ ስሙ ተቀየረ፤ ደስ አለኝ። ከወር በኋላ የሸማኔውን ክፍል ልጆቻቸው ስለጠየቁኝ እንደገና አወጣሁና ላክሁላቸው። አባታቸው ሥር የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም ተጽፎ ነበር። የተጠቀለለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ታይምላይኑ ቢባዛም ሁሉም የሚያዩት ያንኑ አንዱን ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀለለው የማይቀየረው ዓርማና ሙዚቃው ብቻ ሆነ፤ ስሙ በተራ ጽሑፍ በየታይምላይኑ ይቀመጣል።

መስተዋቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ታይምላይኑ ሲባዛ እርሱም ይባዛል፤ ዘጠነኛው ላይ ያሞቃችሁት ቀለም ስምንተኛውን አይነካም። ስለዚህ የወደዳችሁትን ቀለም በቀለም ማስተካከያው ገጽ ላይ PowerGrade አልበም ውስጥ አስቀምጡ። ተራው የስዕል አልበም ከአንድ ፕሮጀክት አይወጣም፤ ይህኛው ግን በሌሎች ፕሮጀክቶቻችሁም ይታያል፤ ስትፈልጉ አዲሱ መስተዋት ላይ ትጭኑታላችሁ። ፕሪሴት ማለት ከሆነ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለራሳችሁ ስልክ፣ ለራሳችሁ ክፍል ብርሃን የተሠራና ዶላር ያላስወጣ።

ናሙናውን ለሥራ ባልደረባ ስትሰጡ የፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ አትላኩ። በ .drp የሚያልቀው ፋይል ዓርማውንም ሙዚቃውንም አይሸከምም፤ ተቀባዩ ሲከፍተው ቀይ ሰሌዳ ብቻ ያያል። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ፎልደሩን በሙሉ ስጡት።