ሲፒዩው 22 በመቶ፣ ገጹ ዝግ፦ ከኦቶ ስኬሊንግ ጋር ዘጠኝ ወር

ደብረ ብርሃን ተቀምጠን አዲስ አበባ ላለ ሰው የመንዝ በግ በድረ ገጽ እንሸጣለን። ደንበኛው ፎቶውን አይቶ ይመርጣል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ በጉ ለበዓሉ ዋዜማ ቤቱ ይደርሳል። በአዘቦት ቀን አንድ ሰርቨር ራሱ ሥራ ፈቶ ይውላል። የበዓል ሳምንት ግን ሌላ ዓለም ነው። ለዚህ ብለን ባለፈው መስከረም የአማዞንን ኦቶ ስኬሊንግ ግሩፕ አስገባን። ለኦቶ ስኬሊንጉ ለብቻው የሚከፈል ነገር የለም፤ የሚከፈለው ለተነሱት ሰርቨሮች ነው። ለተከለልን ባለሙያ ግን ጥሩ አድርገን ከፍለናል።

እሱም «ሰው ሲበዛ ራሱ ይሰፋል፣ ሲያንስ ራሱ ይጠባል፣ አንተ ተኝተህ ታድራለህ» አለኝ። በአዘቦቱ ቀን አልዋሸም። የገና ሰሞን ግን ተኝቼ አላደርኩም።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መሐል ሜዳ ሆኖ በጉን የሚገዛልን ሸሪኬ ደወለ።

«ልጄ፣ ገጹ እኮ አልከፍት አለ። ሰው እየደወለ ይሰድበኛል።»

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ ጋሼ፣ እያየሁት ነው።»

ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። ሁለት ሰርቨር። `CPUUtilization` 22 በመቶ። ጤነኛ ነው! ባለሙያው የተከለው ደንብ «የሲፒዩ አማካይ ከ60 በመቶ ሲያልፍ ሁለት ሰርቨር ጨምር» የሚል ነበር። 22 ደግሞ 60 አይደለም። ግሩፑ የታዘዘውን እየፈጸመ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ጥያቄ የሚያስተናግዱ 16 ዎርከሮች አሉን። አንድ ሰው «ክፈል» ሲጫን አንዱ ዎርከር ወደ ክፍያ ድርጅቱ ሲስተም ይልክና መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። በሌላ ቀን መልሱ ከአንድ ሰከንድ በታች ይመጣል። የዚያን ዕለት አራት ሰከንድ ይፈጅ ነበር። 16ን ለአራት ስታካፍሉት አንድ ሰርቨር በሰከንድ አራት ክፍያ ብቻ ያስተናግዳል፤ ሁለቱ ተደምረው ስምንት። ከዚያ በላይ የመጣው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ፎቶ ብቻ ማየት የፈለገውም አብሮ ይሰለፋል። መጠበቅ ደግሞ ሲፒዩ አይበላም። 16 ሻጮች ሁሉም ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘው መልስ የሚጠብቁበትን ሱቅ አስቡት። አንዳቸውም ላብ የለባቸውም፤ ደንበኛ ግን በር ላይ ተኮልኩሏል። ሲፒዩ የሚለካው ላቡን ነው።

ባለሙያው አሁን ቢሰማኝ «ሲፒዩ እኮ የተለመደ መለኪያ ነው» ይለኛል። ነው። ሰርቨሩ ራሱ የሚያሰላ፣ ፎቶ የሚያሳንስ፣ ገጽ የሚያቀናብር ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። የእኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው መልስ ጠባቂ ነው። ይህን ሳይጠይቀኝ ነው የተከለው።

ያን ምሽት የሰርቨሩን ቁጥር በእጄ ስድስት አደረግሁት፤ ነገሩም ረገበ። ስድስት ላይ ማቆሜ ዕድል ብቻ እንደነበር የገባኝ ለፋሲካ ነው።

ከበዓሉ በኋላ መለኪያውን ልቀይር ተነሳሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ለአንድ ሰርቨር በደቂቃ የሚደርሰውን ጥያቄ መቁጠር ነበር። የገናን ግራፍ ሳየው ግን ጭንቁ በበረታበት ሰዓት የጥያቄው ቁጥር ወርዷል። ለምን ቢሉ፣ ገጽ እስኪከፈትለት የሚጠብቅ ሰው ሁለተኛ ገጽ አይጠይቅም። በዚህ ብሄድ ግሩፑ ገበያው ቀዘቀዘ ብሎ ጭራሽ ሰርቨር ሊቀንስብኝ ነው። ስለዚህ ከ16ቱ ዎርከሮች ስንቱ ተይዟል የሚለውን በመቶኛ እያሰላ በየደቂቃው የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ።

```
aws cloudwatch put-metric-data --namespace BegGebeya \
  --metric-name BusyWorkers --unit Percent --value 62 \
  --dimensions AutoScalingGroupName=web-asg
```

ይህ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የምኮራበት ስክሪፕት ነው። ክፍያው ሲዘገይ ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል፣ ሰርቨር ሲጨመር ይወርዳል። ከመለኪያ የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን የገናው ንዴት አልወጣልኝም ነበርና ኩልዳውኑንም ከ300 ሰከንድ ወደ 60 አወረድኩት። ቶሎ ቶሎ ይጨምር ብዬ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።

ኩልዳውን ማለት ግሩፑ አንዴ ከጨመረ በኋላ እንደገና ከመጨመሩ በፊት የሚታገሰው ጊዜ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው አዲሱ ሰርቨር እንደተነሳ ነው እንጂ የእኛ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር አይደለም። የእኛ ሰርቨር ደግሞ በተነሳ ቁጥር ሁሉን ነገር ከዜሮ ይጭን ስለነበር ለሥራ እስኪደርስ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ነባሩ 300 ሰከንድ ይህን ይሸፍን ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

የጸሎተ ሐሙስ ምሽት መለኪያው 60 አለፈ፤ ግሩፑ ሁለት ጨመረ። አዲሶቹ ገና እየጫኑ ነው፣ ጭንቁ አልቀለለም፣ 60 ሰከንዱ አለቀ፤ ሁለት ደገመ። አሁንም ሁለት። ስምንት ሆኑ። ማክሲመሙን ደግሞ ባለሙያው «ለማንኛውም» ብሎ 20 አድርጎት ነበር፤ የሚያቆመው የለም። ከዚያ ሎጉ ላይ ይህ መጣ፦

```
FATAL: remaining connection slots are reserved
```

ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው፤ ካልነካኸው 100 ኮኔክሽን ነው የሚቀበለው፤ ከዚያ ሦስቱ ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። እያንዳንዱ ዎርከራችን አንድ ይይዛል። ስድስት ሰርቨር 96 ነው፣ ለጥቂት ያልፋል። ሰባተኛው ሲመጣ 112። ሰርቨር በጨመርን ቁጥር ብሶበት ገጹ ጭራሽ ወደቀ። የገናው ስድስት ለካ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ቁጥር ነበር።

ማክሲመም የምኞት ቁጥር አለመሆኑን ያኔ ተማርኩ። ከጀርባ ያለው ዳታቤዝ ስንት ይችላል የሚለው ነው የሚወስነው። አሁን አምስት ነው፦ 80 ኮኔክሽን፣ የቀረው ለባክአፕና ለእኔ።

ሰርቨሩንም ሁሉ ነገር አስቀድሞ ከተጫነበት ኢሜጅ እንዲነሳ አደረግሁት፤ አራቱ ደቂቃ ወደ 70 ሰከንድ ወረደ። ደንቡን፣ መለኪያው አንድ ዒላማ ላይ እንዲቆይ ራሱ ወደሚጨምርና ወደሚቀንስ ታርጌት ትራኪንግ ቀየርኩት። እሱ ኩልዳውን አያውቅም፤ በምትኩ «ዋርምአፕ» አለው፤ 120 ሰከንድ ሰጠሁት። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲሱ ሰርቨር ገና መንገድ ላይ እንዳለ ስለሚያውቅ አይደጋግምም። ሚኒመሙ በአዘቦት ሁለት ነው፤ በበዓል ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በፕሮግራም አራት ይሆናል። (ማሽኑ ካልነገሩት በቀር የሚሠራው በዩቲሲ ነው፤ የእኛ 12 ሰዓት ለእሱ `03:00` ነው። ይህንንም አንድ ቀን ተሳስቼ አራት ሰርቨር ከሰዓት በኋላ አስነስቻለሁ፤ አላወራም።)

አዋቂ አንባቢ «ክፍያውን ወረፋ ውስጥ አስገብተህ ዎርከሩን ብትለቀው ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። ለእንቁጣጣሽ እየሠራሁት ነው።

ታዲያ ገዝቼ ተጸጸትኩ? በሐሙሱ ምሽት ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሴ አይጻፍም። ዛሬ ግን አልመልሰውም። የምመልሰው ቢኖር «ተኝተህ ታድራለህ» ያለኝን ሰው ክፍያ ነው።

ለአረፋ ዋዜማ አምስቱም ተነስተው አመሹ፤ መለኪያው 70ዎቹ ውስጥ ነበር። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ሸሪኬ ደወለ።

«ልጄ፣ ዛሬ የሚሳደብ ሰው አልደወለም። ገጹ ተዘጋ እንዴ?»