እማዬ ወፍራ ሳይሆን አጥራ ነው

ይህችን ሲስተር ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል ክፍል ነው የምትሠራው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። በዕድሜ የገፋ ወላጅ ያላችሁ በውስጥ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ።

እማዬ 72 ዓመቷ ነው። አምና ሌላ ቦታ ለክተዋት "ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር፣ ቢኤምአይዎ፣ 26 ገብቷል፣ ወፍረዋል፣ ምግብ ይቀንሱ" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት ተወች። ጾሙ አልበቃ ብሏት! ቀሚሷ ግን ያው የድሮው ነው፣ አልጠበባትም።

ሲስተር ቁጥሩን አይታ "እማማ፣ ወጣት ሳሉ ቁመትዎ ስንት ነበር?" አለቻት። እማዬ ወረቀት አትጥልም። ሥራ ስትቀጠር ያሠራችው የጤና ምርመራ ወረቀት ከሳጥኗ ወጣ፦ ቁመት 1.60፣ ክብደት 62 ኪሎ።

ከዚያ ሲስተር እንደገና ለካቻት። ጫማዋንም ሻሿንም አስወለቀቻት። ተረከዟን ግድግዳ አስነክታ፣ አገጯን ሳታነሳ ፊት ለፊት እንድታይ አደረገቻት። 1.54 ሆነች። ክብደቷ ዛሬም 62 ነው።

ስሌቱን እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ሠራችልን። ክብደት የሚካፈለው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ነው። በድሮው ቁመት 62 ለ2.56 ሲካፈል 24.2 ይሆናል። በአሁኑ ደግሞ 62 ለ2.37 ነውና 26.1 ይመጣል። አንድ ኪሎ ሳትጨምር ወፍራም የሚያሰኘውን 25ን አለፈች ማለት ነው።

ለምን እናጥራለን? በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሃል እንደ ትራስ የተቀመጡ ዲስኮች አሉ። ከ40 ዓመት በኋላ ውሃቸው እየቀነሰ ይሳሳሉ። ባልቲሞር ውስጥ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ሴቶች ከ30 እስከ 70 ዓመታቸው በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወንዶች 3 ያህል እንደሚያጥሩ አሳይቷል። አንዳንዴ ግን ነገሩ የዲስክ ብቻ አይደለም። አጥንት ሲሳሳ የአከርካሪው አጥንት ራሱ ይጨፈለቃል፣ ጀርባም ይጎብጣል።

ሲስተር የፈራችው ይህንን ነበር። "ከወጣትነቱ 4 ሴንቲና ከዚያ በላይ ያጠረ ሰው አከርካሪው መታየት አለበት" ብላ ወደ ሐኪሙ ላከችን። እማዬ ጀርባዬን ይቆርጠኛል ስትል እኛ የእርጅና ነው እያልን ከርመናል (አሁን ሳስበው አፍራለሁ)። ራጅ ሲነሳ አንዱ አጥንት ከፊት በኩል ተጨፍልቋል። አሁን የአጥንት መድኃኒት ጀምራለች።

ደግሞ "አልወፈሩም" ብላ ብቻ አልሸኘቻትም። ኪሎ ባይለወጥም ጡንቻ ቀንሶ ስብ ሊተካው ይችላል ብላ ወገቧን በሜትር ለካቻት።

እማዬ እራቷን እየበላች ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ጠዋት ነው። ሰው እስኪመሽ አንድ ሴንቲ ያህል ስለሚያጥር፣ ሲስተር ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ካልለካሁ ብላለች።